በስም ብቻ ለማውቀው ተማሪ ሪኮመንዴሽን ልጻፍለት ወይስ እምቢ ልበል?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ስታትስቲክስ ታስተምራለች። አንድ ሴሚስተር 180 ተማሪ ነበራት። ከእነሱ አንዱ ኮርሱን ከጨረሰ ከዓመት በኋላ ኢሜይል ላከላት። ለማስተርስ እያመለከተ መሆኑን፣ በኮርሷ ኤ ማምጣቱንና ሪኮመንዴሽን እንድትጽፍለት እንደሚፈልግ ነገራት። ዴድላይኑ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ስሙን ከመዝገቧ ፈለገችው። ውጤቱ አለ፣ መልኩ ግን አልመጣላትም። ምን ብላ እንደምትመልስ ስታስብ ደግሞ ደብዳቤው ከሚገባበት የማመልከቻ ፖርታል ሊንክ መጣላት። ለካ ልጁ መልሷን ሳይጠብቅ ስሟን አስገብቶታል። ጥያቄዋ ሁለት ነው፤ እምቢ ብትል ነውር ነው ወይ? ነውር ካልሆነስ እንዴት ነው የሚባለው?

መልሶቹን በተራ እነግራችኋለሁ። ክሩን ለመከታተል ብቻ ነጥብ አስቀምጠው የሄዱትን ትቻለሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ መምህር ነኝ ይላል። አንድ ገጽ መጻፍ ምን ይጎዳል ባይ ነው። ልጁ ኤ ያመጣው ለፍቶ ነው፣ ስለዚህ ሊጻፍ የሚችል እውነት አለ። እሱ በሥራ ዘመኑ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ይል እንደነበርና በዚህ እንደማይጸጸት አክሏል። ብዙ ሰው ወዶለታል።

2ኛው ግን ክሩን አዞረው። ይህች ሰው ለዓመታት የማስተርስ አመልካቾችን በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጣለች። የጀመረችው ከደብዳቤው ሳይሆን ከፎርሙ ነው። ፖርታሉ ደብዳቤውን ከመቀበሉ በፊት ይጠይቃል፤ አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜ ያውቁታል? በምን ሁኔታ? ከዚያ ሠንጠረዥ ይመጣል። የመተንተን ችሎታው፣ አጻጻፉ፣ በራሱ ተነሳሽነት መሥራቱ፣ ከሰው ጋር መግባባቱ በየረድፉ ተዘርዝሯል። ለእያንዳንዱ ከላይኛው 5 በመቶ፣ ከላይኛው 10 በመቶ፣ ከላይኛው 25 በመቶ እየተባለ ምልክት ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ለመመዘን በቂ መረጃ የለኝም የሚል አማራጭም አለ። የፈተና ውጤት ቢበዛ አንዱን ረድፍ ይሞላል። የቀረው ግምት ነው።

ቀጥላ ባዶ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ተናገረች። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ኮርሱ ያወራል። ሁለተኛው ውጤቱን ይናገራል። ሦስተኛው ልጁ ሰዓት አክባሪና ትሑት ነው ይላል። በመጨረሻ ተጨማሪ መረጃ ከፈለጋችሁ ጠይቁኝ ብሎ ይዘጋል። አንባቢው በአንድ ደቂቃ ይለየዋል፤ ምክንያቱም ያንኑ ከትራንስክሪፕቱ አንብቦታል። ትልቁ ነጥቧ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ማመልከቻ የሚጠይቀው ሦስት ደብዳቤ ነው። አንዱ ባዶ ከሆነ ልጁ ከሦስት አንዱን ዕድል አባከነ። ኮሚቴውም ሦስት የሚያውቀው ሰው ያጣ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ባዶ ደብዳቤ ምንም አይጎዳም የሚለውን 1ኛውን መልስ እንደማትቀበል በትሕትና ገለጸች። ከዚህ በኋላ የጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ እሷ እየተመለሰ ነው የተከራከረው።

3ኛው መላሽ መካከለኛ መንገድ ያገኘ መሰለው። መረጃ የለኝም የሚለው አማራጭ ካለ ሁሉንም ረድፍ በእሱ ሞልቶ፣ አራት መስመር እውነት ጽፎ መላክ ነው አለ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም እምቢ አልተባለም።

4ኛው ግማሹ ልክ ነው አለው። ሐቀኝነቱ ጥሩ ነው፣ አንድ ሁለት ረድፍ እንዲያ ቢሞላ ማንም አይገርመውም። ዓምዱ ከላይ እስከ ታች እንዲያ ሲሞላ ግን አንባቢው ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ይህች መምህርት ክፉ ነገር ታውቃለች፣ ላለመናገር ነው የሸሸችው ይላል። ልጁ ደግሞ ይህን አያይም። ደብዳቤ ተልኮልኛል ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። 3ኛው እጁን አልሰጠም። ኮሚቴው የራሱን ጥርጣሬ ስላመጣ እውነት የጻፈ ሰው መወቀስ የለበትም ሲል ተመለሰ። ይህች ነጥብ እንደ እኔ ክብደት አላት፣ ግን ልጁን አትጠቅመውም።

5ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊዋ ገና ተማሪ ናት፣ ተናዳለች። እናንተ ስለ ንጹሕ ኅሊናችሁ ታወራላችሁ፣ እኛ ደብዳቤ የምናገኘው ከየት ነው የሚል ነው መንፈሱ። 180 ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ማን ማንን ያውቃል? የሚታወቀው ጮክ ብሎ የሚጠይቅ፣ ቢሮ የሚመላለስ፣ ለመግባባት የማይቸገር ተማሪ ነው። ዝም ብሎ የሚሠራው፣ ከክፍል በኋላ ወደ ሥራ የሚሮጠው በማንም አይታወቅም። ከዚያ አላውቅህም ይባላል። ትልቅ ክፍል የከፈተው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው አለች። ለዚህ ሙሉ መልስ የሰጠ ሰው በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

6ኛው ጥያቄውን ጭራሽ ስቶታል። እንዲያውም ደብዳቤ ስለተከለከለው ስለ ራሱ ነው ያወራው። ለአምስት ዓመት የሠራበት ድርጅት ሥራ ሲለቅ ጥሩ ቃል አልጻፈለትም። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራና የሥራ መደቡን ብቻ ጠቅሶ ሰጠው። አለቃው ቀንቶበት ነው ብሎ ያምናል። ረጅም ነው፣ በመሐል የአለቃውን ጠባይ ይዘረዝራል።

7ኛው በአንድ መስመር ርዕሱ ይህ እንዳልሆነ አሳሰበው። ትንሽ ሻካራ ነበር።

8ኛዋ በሰው ኃይል አስተዳደር የምትሠራ ናት፣ ለ6ኛው አዘነችለት። ብዙ ድርጅቶች ቀንና የሥራ መደብ ብቻ የሚያረጋግጡት ለሁሉም ሰው እንደሆነ፣ ከቅናት ጋር እንደማይያያዝ አስረዳችው። ምክንያቱ ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ ጌቶች ምክር ቤት በስፕሪንግና በጋርዲያን አሹራንስ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ስለ ቀድሞ ሠራተኛው ምስክርነት የሚጽፍ አሠሪ የሚጽፈው ነገር ትክክል መሆኑን የማጣራት ኃላፊነት አለበት ተብሏል። ሳያጣራ ጽፎ ሰውየውን ከጎዳ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ ወደ ጠያቂዋ ተመለሰች። በማያውቁት ነገር ላይ መፈረም ለጸሐፊውም አደጋ እንዳለው ለማሳየት ነው ያነሳችው። 9ኛው መላሽ ግን ወዲያው ያዛት። እዚያ የተከሰሰው መጥፎ ቃል የጻፈ አሠሪ ነው፣ ልጁ ግን ሊመሰገን ነው የተጠየቀለት፣ ስለዚህ አታስፈራሩን አላት። ልክ ነው፣ ነገሩ አልገጠመም።

10ኛው መልስ ለ5ኛዋ ነው፣ ከሁሉም የጠቀመው ይመስለኛል። ጸሐፊው ረዳት መምህር ነው። በትልቅ ክፍል ተማሪውን የሚያውቀው ፕሮፌሰሩ ሳይሆን የሳምንቱን ልምምድ የሚያርመው፣ ላብራቶሪ ውስጥ አብሮት የሚቆመው ረዳት ነው አለ። የተማሪው ስህተት የት እንደነበረና እንዴት እንዳረመው የሚያውቀው እሱ ነው። ተማሪዎች ግን ረዳቱን ይዘሉትና ትልቅ ማዕረግ ያለውን ይጠይቃሉ። የእሱ ቡድን የሚሠራበትን መንገድም ተናገረ። ረዳቱ ይጽፋል፣ ፕሮፌሰሩ አብሮ ይፈርማል። ደብዳቤው ላይ ማን ተማሪውን በምን እንደሚያውቀው በግልጽ ይቀመጣል። ፕሮፌሰሩ ኮርሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነና ኤ ያመጣው ስንት ሰው እንደሆነ ይናገራል። ረዳቱ ስለ ልጁ ሥራ ይናገራል። 2ኛዋ መላሽ መጥታ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በደስታ እንደምታነብ አረጋገጠች። ማዕረግ ብቻ ካለውና ልጁን ከማያውቀው ሰው ይልቅ እንደምትመርጠውም ጨመረች።

11ኛው የሁላችንንም የታወቀ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ አንቺ አስተካክለሽ ፈርሚ። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ማስመሰሉን እናቁም አለ።

እዚህ ላይ 12ኛው ተቆጣ። በክሩ ውስጥ ከሁሉም የከረረው ይህ ነው። ሰው ስለ ራሱ የጻፈውን በሌላ ሰው ስም መላክ ማታለል ነው፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም በግልጽ ይከለክሉታል አለ። ከዚያ እንዴት እንደሚታወቅ ዘረዘረ። ሦስቱም ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ቅጽል ይጠቀማሉ። አንቀጹ በአንድ ዓይነት ሐረግ ይጀምራል። ሦስት ሰዎች ያው አንድ የሥርዓተ ነጥብ ስህተት ይሠራሉ። ከማመልከቻ ድርሰቱ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር በመምህሩ ደብዳቤ ውስጥ ብቅ ይላል። ደግሞ ተማሪ ራሱን ሲያመሰግን ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ደብዳቤው የደከመ ይሆናል። መምህር ልጁን ካለፉት ዓመታት ተማሪዎች ጋር ማወዳደር ይችላል፣ ልጁ ግን ከየት ያመጣዋል? 11ኛው በስድብ መለሰ። አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ።

13ኛዋ ነገሩን አበረደችው። ረቂቅ ከመቀበልና መረጃ ከመቀበል መካከል ልዩነት አለ አለች። ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የማመልከቻ ድርሰቱን ረቂቅ፣ በኮርሱ የሠራውን አንድ ሥራ ከእነ እርማቱ ትጠይቃለች። ከእነዚህ ራሷ ትጽፋለች። ቁሳቁሱ ደርሶ እንኳ የምትለው ካጣች እምቢ ትላለች።

14ኛው ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰ ብቸኛ ሰው ነው ማለት ይቻላል። እምቢታ እንዴት ይባላል? የመጀመሪያው ነገር ፍጥነት ነው አለ። ዘጠኝ ቀን የቀረው ተማሪ ዛሬ እምቢ ቢባል ሌላ ሰው ያገኛል፣ ከስድስት ቀን በኋላ ቢባል አያገኝም። ሊንኩን ዝም ማለት ከሁሉም የከፋ ነው። ልጁ እየተጻፈለት መስሎት ይጠብቃል፣ ዴድላይኑ ሲያልፍ ማመልከቻው ጎድሎ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ሥራ በዝቶብኛል አትበሉ አለ። ጥሩ የሚመስል ማምለጫ ነው። ግን ተማሪው ያምናችኋል። የሚቀጥለው ወር ዴድላይን ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይፈልግና ተመልሶ ይመጣል፣ ወይም እስኪመቻችሁ እጠብቃለሁ ይላል። ያኔ ሁለተኛ ምክንያት መፍጠር ግድ ይሆናል። እውነተኛው ምክንያት ያጠረ ነው፤ የሚጠቅምህን ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ በቂ ነገር አላውቅም። ስለ ልጁ ብቃት ምንም አይልም። ስለ ደብዳቤው ነው የሚለው። ይቅርታውም አንድ ጊዜ ይበቃል። ሦስቴ ከተደጋገመ ልጁ ሊያግባባት የሚችል በር ክፍት ነው ብሎ ያስባል።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ፖርታሎች ላይ አልጽፍም የሚል ቁልፍ አለ። ሲነካ ለአመልካቹ አውቶማቲክ ማሳወቂያ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢሜይሉን፣ ከዚያ ቁልፉን። ልጁ ዜናውን ከማሽን እንዳይሰማ። ከእምቢታው ጋር ማንን ቢጠይቅ እንደሚሻል መጠቆምም ጥሩ ነው አለ፣ ግን ሰውየውን ሳያስፈቅዱ ስም መስጠት ልክ አይደለም። ልምምዱን ያረመውን ወይም ፕሮጀክቱን ያማከረውን ብሎ በሥራው መግለጽ ይበቃል።

15ኛዋ ግን እምቢታው ቸኩሏል ባይ ናት። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላ ከልጁ ጋር ብታወራና የኮርሱን ፕሮጀክት ብታነብ ልከኛ ደብዳቤ ይወጣታል አለች። እሷ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ በሥራው ውስጥ ያልተሳካለት ምን ነበር፣ እንዴት አወቀ፣ ደግሞ ቢሠራው ምን ይቀይራል? መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ይለያል። 16ኛው አልተቀበላትም። የግማሽ ሰዓት ወሬ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፈው ነገር ልጁ ስለ ራሱ የነገረው ነው፣ መምህርቷ ያየችው አይደለም አለ። 15ኛዋ ይህን ደብዳቤው ላይ በግልጽ ብጽፈውስ ብላ ጠየቀች። ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተለያዩ፤ አንዱ ይጠቅማል አለ፣ 2ኛዋ መላሽ ግን የኮርሱ ፕሮጀክት ካልተነበበ አይጠቅምም አለች። እዚያው ቀረ። ለእኔ ፕሮጀክቱ ማንበብ የሚቻል ከሆነ 15ኛዋ ትክክል ናት።

17ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። ተመልሳ መጣች። 15ኛዋን ሰምታ ፕሮጀክቱን አውጥታ አይታዋለች። የአራት ሰው የቡድን ሥራ ሆኖ ተገኘ። የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ከፕሮጀክቱ ተነስታ ስለ እሱ ለብቻው የምትለው የለም። ከዚያ ልምምዱን ያረመችውን ረዳት ጠየቀቻት። ረዳቷ ወዲያው አስታወሰችው። አንድ ሳምንት የተሰጣቸው ዳታ ውስጥ የተደጋገሙ መስመሮች ነበሩ፣ ማንም አላየም። እሱ አማካዩ ስላጠራጠረው መስመሮቹን ቆጥሮ አገኛቸው፣ ደግሞ ሠርቶ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አቀረበ። ለሚቀጥለው ዓመት ዳታው የተስተካከለው በእሱ ምክንያት ነው። መምህርቷ ይህን ያኔ ነው የሰማችው።

ለልጁ ጻፈችለት። እሷ ብቻዋን የምትጽፈው ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ የተለየ ነገር እንደማይጨምርለትና ለዚያ ስትል እንደማትጽፍ ነገረችው። ረዳቷ ፈቃደኛ እንደሆነች፣ እሷም አብራ ልትፈርም እንደምትችል አሳወቀችው። ከረዳቷ አስቀድማ ፈቃድ ወስዳለች። መልሱ አጭር ነበር፤ አመሰገነ፣ ግን የተከፋ ይመስል ነበር አለች። በማግስቱ ፖርታሉ ላይ ስሟን በረዳቷ ስም ቀየረው። ደብዳቤው ገና ስላልገባ መቀየር ተችሏል። ካመለከተባቸው ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ግን ደብዳቤ ጸሐፊው በመምህርነት ማዕረግ ያለ ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። ለእሱ በራሷ ስም አስገብታ ከረዳቷ ጋር ፈርማለች።

5ኛዋ ይህን አንብባ አልረካችም። ረዳቷ ባታስታውሰውስ አለች። ጠያቂዋ ያኔ እምቢታው ብቻ ይላክ ነበር ብላ በሐቅ መለሰች። ሌላ አልጨመረችም።

18ኛው አዲስ ጥያቄ ነው። የእሱ ረዳት መምህር ዩኒቨርሲቲውን ለቋል፣ አሁን ያለው የግል ኢሜይል ብቻ ነው። ፖርታሉ ይቀበለዋል ወይ? 2ኛዋ መላሽ መለሰችለት። ብዙዎቹ የተቋም አድራሻ ይመርጣሉ፣ በግል ኢሜይል የመጣውን አንዳንዶቹ ይቀበሉና ማንነቱን ያጣራሉ፣ አንዳንዶቹ ይመልሱታል። አሁን የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አድራሻ ካለው በእሱ ይላክ፤ ደብዳቤው ላይ ግን ያኔ የት፣ በምን ሥራ ላይ ሆኖ እንዳስተማረው ይጻፍ አለችው። አመልካቹ ስሙን ከማስገባቱ በፊት የቅበላ ቢሮውን ኢሜይል ልኮ ይጠይቅ ብላ ጨመረች። 19ኛው ደግሞ ስም ከማስገባቱ በፊት ረዳቱንም ይጠይቀው ሲል ቀለደ።